ከጠርሙሱ ጀርባ የማይጻፈው፦ «አምስቱ ከተመሳሰሉ ያው ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«የወደዳችሁትን ውድ ኮስሞቲክስ በስሙ ለዩት። ጀርባው ላይ ያለውን ዝርዝር ፎቶ አግኙ። የርካሹንም ጀርባ ፎቶ አጠገቡ አድርጉ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስሞች ከተመሳሰሉ ያው ዕቃ ነው፤ ልዩነቱን የምትከፍሉት ለብራንዱ ስም ነው።»

ጽሑፉን የላከችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ከሥሩ ሦስት ፎቶ አስከትላለች። «አንተ መድኃኒት ቤት ነው የምትውለው፤ እስቲ እየውና የትኛውን እንደምገዛ ንገረኝ» ትላለች።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊዋ ያነሱት ሐሳብ ከንቱ አይደለም። እንዲያውም ሰው ጀርባ ማንበብ መጀመሩ ደስ ይለኛል። ከመደርደሪያው ማዶ ቆሞ «ያቺን ሮዝ ካርቶን ስጠኝ» ከሚለኝ ደንበኛ፣ ጀርባውን አንብቦ የሚያፋጥጠኝ ይሻለኛል። ቅሬታዬ ዝርዝሩ ላይ በተጫነው ሸክም ነው። የንጥረ ነገር ዝርዝር አንድን ርካሽ ዕቃ ከውድድር ለማስወጣት እጅግ ጥሩ ነው። «ይሄኛው ያንን ይተካል» ብሎ ለመፍረድ ግን አይበቃም። ጸሐፊዋ የሰጡት ይህንን ሁለተኛውን ሥራ ነው።

በጅምላ ከማወራ የጸሐፊዋን አባባሎች አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ የአክስቴን ልጅ ሦስት ጠርሙሶች ይዤ ልሂድ። ልቧ ያረፈው ስኪንሲውቲካልስ የሚያወጣው ሲ ኢ ፌሩሊክ የተባለ፣ ፊት ላይ የሚቀባ የቫይታሚን ሲ ሴረም ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ 30 ሚሊ ሊትሩ ከ180 ዶላር በላይ ይሸጣል። ወደ ብር ስትመነዝሩት ከብዙ ሰው የወር ደሞዝ ያልፋል። ሁለተኛው ታይምለስ የሚባለው ድርጅት ሴረም ነው፤ እዚያው አሜሪካ 25 ዶላር አካባቢ ነው። ቨርጂኒያ ያለችው እህቷ ሰው ስታገኝ ልትልክላት ትችላለች። ሦስተኛው ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ ነው። ስሙን አልጠራም። ፊቱ ላይ በትልቁ «ቫይታሚን ሲ 20%» ይላል፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ብርቱካንማ ነው፣ ዋጋውም ከሦስቱ የሚያንሰው ነው።

ከፎቶዎቹ ላይ የለቀምኩት ይኸው፤ ቁጥሮቹ የጠርሙሶቹ ተራ ናቸው።

```
1: Water, Ethoxydiglycol, Ascorbic Acid, Glycerin,
   Propylene Glycol, Laureth-23, Phenoxyethanol,
   Tocopherol, Triethanolamine, Ferulic Acid,
   Panthenol, Sodium Hyaluronate

2: Water, Ethoxydiglycol, L-Ascorbic Acid,
   Propylene Glycol, Alpha Tocopherol, Polysorbate 80,
   Panthenol, Ferulic Acid, Sodium Hyaluronate,
   Benzylalcohol, Dehydroacetic Acid

3: Water, Glycerin, Propylene Glycol, Ethoxydiglycol,
   Phenoxyethanol, Sodium Ascorbyl Phosphate,
   Tocopherol, Ferulic Acid, Panthenol,
   Sodium Hyaluronate, CI 19140
```

«ዋናው ክፍል ከላይ ያሉት አምስቱ ናቸው፤ የቀረው ቅመም ነው»

እንቁጠር። የመጀመሪያው ጠርሙስ አምስቱ ውሃ፣ ኢቶክሲዳይግላይኮል፣ አስኮርቢክ አሲድ፣ ግሊሰሪን እና ፕሮፒሊን ግላይኮል ናቸው። ሁለተኛው ከእነዚህ አራቱን ከላይኞቹ አምስት ውስጥ ይዟል። ሦስተኛውም አራቱን ይዟል። አራት ለአራት፣ እኩል ለእኩል ወጡ። «እሺ፣ ከአምስቱ አልፌ ሁሉንም ስም ልቁጠር» ብትሉ ደግሞ ይብሳል። ከመጀመሪያው አሥራ ሁለት ስሞች ሁለተኛው ስምንቱን ሲይዝ፣ ሦስተኛው ዘጠኙን ይይዛል። በዚህ ቆጠራ የቴሌግራሙ ጠርሙስ አሸነፈ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ስሞቹን ከመቁጠር ይልቅ ምን እንደሚሠሩ እንጠይቅ። ውሃ፣ ኢቶክሲዳይግላይኮል፣ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ሌላውን የሚያሟሙና የሚሸከሙ ናቸው። ግሊሰሪን እርጥበትም ይይዛል። እነዚህን ብዙ ሴረም ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። ሰው 180 ዶላር የሚከፍለው ግን ለአስኮርቢክ አሲዱ ነው፣ ማለትም ራሱ ቫይታሚን ሲ ለሆነው። ሦስተኛው ጠርሙስ ከአምስቱ የጎደለችው አንዲት ስም እሷው ናት።

ሁለት ቤት የተሠራ ሽሮ ብታነጻጽሩ ከላይ የሚመጣው ውሃ፣ ዘይትና ሽንኩርት ነው። በእነሱ ብቻ ከፈረድን የሰፈሩ ሽሮ ሁሉ አንድ ነው።

የስም ልዩነትም ሁልጊዜ ልዩነት አይደለም። ሁለተኛው ጠርሙስ ላውሬዝ-23 የለውም፤ ፖሊሶርቤት 80 አለው። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፦ ዘይት የሆነውን ቫይታሚን ኢ ከውሃው ጋር ያስማማሉ። ፌኖክሲኤታኖልም የለውም፤ ቤንዚል አልኮልና ዲሃይድሮአሴቲክ አሲድ አሉት። እነዚህም እንዳይበላሽ የሚጠብቁ ናቸው። ስለዚህ በፎቶ ሲታይ ብዙ የተለየው ሁለተኛው፣ በሥራ ሲታይ ለመጀመሪያው በጣም የቀረበው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ በአንድ ቃል ሥራውን ጻፉ፤ አሟሚ፣ ዋና ሠራተኛ፣ አስማሚ፣ ጠባቂ፣ ቀለም። ከዚያ ሠራተኛውን ከሠራተኛው ጋር አነጻጽሩ።

«ኮከብ የሆኑት ንጥረ ነገሮች ሁለቱም ላይ ከተጻፉ በቂ ነው»

የት ቦታ ተጻፉ? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። በአውሮፓ ኅብረትም በአሜሪካም ሕግ ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙ ወደ ትንሽ ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት በፈለጉት ቅደም ተከተል መጻፍ እንደሚችሉ ነው። ከዚያ መስመር በታች ያለው ተራ ምንም አይነግራችሁም። 0.9 በመቶ ያለውም 0.01 በመቶ ያለውም ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። ለማስታወቂያ የምታምር ስም ከፊት ትደረጋለች፣ ጠባቂው ወደ ጭራ ይገፋል።

መስመሩ ራሱ አልተሰመረም፤ በምልክት ነው የምታገኙት። ከሁሉ የሚቀለው ምልክት ፌኖክሲኤታኖል ነው። አውሮፓ ውስጥ ከ1 በመቶ በላይ መጨመር አይፈቀድም፤ ሌላውም ዓለም ባብዛኛው ከዚያ አይዘልም። ስለዚህ እሱ ከተጻፈበት ቦታ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ከ1 በመቶ አይበልጥም። ከእሱ በፊት ያለ ሁሉ ግን ከ1 በመቶ በላይ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ምልክቱ የሚሠራው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

መጀመሪያ በምናውቀው ላይ እንፈትነው። የመጀመሪያው ጠርሙስ አምራች መጠኑን በግልጽ ይናገራል፦ 15 በመቶ ቫይታሚን ሲ፣ 1 በመቶ ቫይታሚን ኢ፣ 0.5 በመቶ ፌሩሊክ አሲድ። ዝርዝሩ ላይ አስኮርቢክ አሲድ ሦስተኛ ነው። ቶኮፌሮል፣ ማለትም ቫይታሚን ኢ፣ ከፌኖክሲኤታኖል ቀጥሎ አለ። ፌሩሊክ አሲድ ከዚያ በታች ነው። ሁሉም ልክ ገጠመ። ኢቶክሲዳይግላይኮል ከአስኮርቢክ አሲድ በፊት ስለተጻፈ እሱም ቢያንስ 15 በመቶ እንደሆነ እናውቃለን፤ ይህን ማንም አልነገረንም።

ወደ ሦስተኛው እንሂድ። ከቫይታሚን ሲ ጋር የሚዛመደው ስም ሶዲየም አስኮርቢል ፎስፌት ነው። የተጻፈው ከፌኖክሲኤታኖል በኋላ ነው። እንግዲህ ከ1 በመቶ አይበልጥም። ፊቱ ላይ ግን 20 በመቶ ይላል። ወይ ፊቱ ዋሽቷል፣ ወይ ጀርባው፣ ወይ ሁለቱም። በየትኛውም በኩል ከውድድር ወጥቷል። ዝርዝሩ እዚህ ጋ ሥራውን በሚገባ ሠራ፤ ፎቶ ብቻ አይተን፣ ብር ሳናወጣ አንዱን ጣልነው።

ሶዲየም አስኮርቢል ፎስፌት መጥፎ ነገር አይደለም። ከቫይታሚን ሲ የተሠራ፣ ቶሎ የማይበላሽ፣ ቆዳም ብዙ የማያቃጥል ዘመድ ነው። ግን ዘመድ ነው። ቆዳ ውስጥ ገብቶ ወደ ቫይታሚን ሲ መለወጥ አለበት፣ መጠኑም በቂ መሆን አለበት። ለአስኮርቢክ አሲድ የተደረገን ጥናት ለእሱ መጥቀስ አይቻልም። ስትፈልጉ የቃሉን መጨረሻ እዩ። «አስኮርቢክ አሲድ» ከሆነ ራሱ ነው። «አስኮርቢል» እያለ ሌላ ቃል ካስከተለ ሌላ ነገር ነው።

«ዝርዝሩ አንድ ከሆነ ውጤቱም አንድ ነው»

ሁለተኛውን ጠርሙስ ለምን አልጣልኩትም? ዝርዝሩ የሚያስጥል ነገር ስላጣሁበት ነው። ይህ ግን ማለፊያ ነጥብ እንጂ ዋንጫ አይደለም። ምክንያቱም ለዚህ ሴረም ወሳኝ የሆነው ቁጥር ዝርዝሩ ላይ በጭራሽ አይጻፍም። እሱም ፒኤች ነው፣ ማለትም ፈሳሹ ምን ያህል አሲድ እንደሆነ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል።

በዱክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የቆዳ ሐኪም ሼልደን ፒኔልና ባልደረቦቻቸው በፈረንጆቹ 2001 ባወጡት ጥናት አስኮርቢክ አሲድን በአሳማ ቆዳ ላይ ሞክረው ነበር። ወደ ቆዳ በደንብ እንዲገባ ፒኤቹ ከ3.5 በታች መሆን እንዳለበት አገኙ። መጠኑም እስከ 20 በመቶ ሲጨምር ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ ግን አይጨምርም። በ2005 ደግሞ እዚያው የተሠራ ሌላ ጥናት ፌሩሊክ አሲድ ሲጨመርበት ከፀሐይ ጉዳት የሚሰጠው መከላከያ ከአራት እጥፍ ወደ ስምንት እጥፍ ገደማ ከፍ እንዳለ አሳየ። ውዱ ሴረም የቆመው በዚህ ሥራ ላይ ነው። ለቀመሩ የተሰጠው የአሜሪካ ፓተንትም የንጥረ ነገሮቹን ስም ጠቅሶ አላበቃም፤ ፒኤቹ ከ3.5 እንዳይበልጥ የሚለውን አብሮ አስገብቷል። ባለቤቶቹ ራሳቸው ስሙን ብቻ መጻፍ እንደማይበቃ ያውቁ ነበር።

ለምን 3.5? የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ቅባታማ ነው። ኤሌክትሪክ ሙል የተሸከመ ነገር በቀላሉ አያሳልፍም። አስኮርቢክ አሲድ ፒኤቹ 4.2 አካባቢ ሲሆን ግማሹ ሙል አለው፣ ግማሹ የለውም። ፒኤቹ ወደ 3.2 ሲወርድ ከአሥራ አንዱ አሥሩ ሙል አልባ ይሆናል፤ ያኔ የመግባት ዕድል ያገኛል። ፒኤቹ 6 ከሆነ ግን ሙል አልባው ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ልብ በሉ፣ ንጥረ ነገሩ አንድ ነው፣ መጠኑም ያው 15 በመቶ ሊሆን ይችላል። ጀርባው ላይ የሚጻፈው ዝርዝር ፊደል በፊደል አንድ ሆኖ አንዱ ይገባል፣ ሌላው ከላይ ይቀራል።

አንዲት ፍንጭ አለች። የመጀመሪያው ላይ ትራይኢታኖላሚን ተጽፏል። እሱ አሲዱን ትንሽ ለማለዘብ የሚጨመር ነው። አምራቹ ፒኤቹን እየነካካ እንዳስተካከለ ያሳያል። ስንት ላይ እንዳቆመው ግን አይናገርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የፒኤች ወረቀት ግዙ። የላቦራቶሪ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አላቸው። ሌላ ካልታጣ በቀር ከ0 እስከ 14 የሚለካው አይሁን፤ ከ0 እስከ 6 አካባቢ በትንሽ በትንሽ የተከፋፈለው ይሻላል። አንድ ጠብታ ወረቀቱ ላይ አድርጉ፣ ፓኮው ላይ የተጻፈውን ያህል ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ በቀን ብርሃን ከቀለም ሰንጠረዡ ጋር አስተያዩ። ማታ በአምፖል ሥር ካያችሁት ቢጫውና ብርቱካኑ ይደባለቅባችኋል። ወረቀቱ 2.8ን ከ3.1 አይለይላችሁም። 3ን ከ6 ግን በደንብ ይለያል፤ የምንፈልገውም ያንን ነው።

ሁለተኛው ጠርሙስ በቅርቤ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ትጠቀምበታለች። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ጠብታ ለምኜ መስኮቱ ጋ ወሰድኩት። ወረቀቱ በ2 እና በ3 መካከል ቆመ። «ምን ሆነብኝ?» ብላ ደነገጠች። ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም መሆን ያለበትን ነው የሆነው አልኳት። ፊት ላይ ጠቅ ጠቅ የሚያደርጋትም ለዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን እዚህ ልጨምር። ሁለተኛው 20 በመቶ ነው፣ የመጀመሪያው 15። ይህን አይተው «ርካሹ እንዲያውም ይበልጣል» የሚሉ አሉ። በጥናቱ መሠረት እስከ 20 መውጣቱ ወደ ቆዳ የሚገባውን ይጨምራል፤ ማቃጠሉም ግን አብሮ ይጨምራል። የአክስቴ ልጅ ቆዳዋ ስስ ነው። ለእሷ አምስት በመቶዋ ጥቅም ሳትሆን ጣጣ ልትሆን ትችላለች። መጀመሪያ አንገቷ ሥር፣ በሁለት ቀን አንዴ ትሞክረው።

ከፒኤች ቀጥሎ የሚመጣው ዕድሜ ነው። አስኮርቢክ አሲድ ውሃ ውስጥ ሆኖ አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ካገኘ ይበላሻል። ሲበላሽ ቀለሙ ይናገራል። ትኩሱ ውሃ ይመስላል ወይም ገለባ የመሰለ ስስ ቢጫ ነው። ከዚያ ቢጫው ይደምቃል፣ ብርቱካን ይሆናል፣ መጨረሻ ቡናማ። በጠቆረ ጠርሙስ ውስጥ ይህ በፎቶ አይታይም። ነጭ ጥጥ ላይ ወይም ነጭ ሳህን ላይ አንድ ጠብታ አድርጋችሁ እዩት። ሽታው ግን አያስደንግጣችሁ። የመጀመሪያው ሴረም ገና አዲስ ሆኖ የቋሊማ ውሃ ይሸታል እያሉ ፈረንጆቹ ሲሳለቁበት ኖረዋል። እውነታቸውን ነው።

እዚህ ላይ የሦስተኛውን ጠርሙስ የመጨረሻ ስም ተመልከቱ፤ ሲአይ 19140። ታርትራዚን የሚባለው ቢጫ ቀለም ነው። ሴረሙ ብርቱካንማ የሆነው ቫይታሚን ሲ ስለሞላው ሳይሆን ቀለም ስለገባበት ነው። ከዚህም በላይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀለም ያለው ፈሳሽ ሲበላሽ በዓይን አይታወቅም።

«ፎቶው ግልጽ ከሆነ ዕቃውን በእጅ መያዝ አያስፈልግም»

የማን ፎቶ? ቴሌግራም ላይ ካሉት የጀርባ ፎቶዎች ብዙዎቹ ከአምራቹ ድረ ገጽ ወይም ከሌላ ሻጭ የተወሰዱ ናቸው። ፎቶው ግልጽ የሚሆነውም ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። የምታነቡት የዚያን ፎቶ ጠርሙስ እንጂ እጃችሁ የሚገባውን አይደለም። አምራቾችም ስሙንና ካርቶኑን ሳይነኩ ውስጡን ይቀይራሉ። የዛሬ ሦስት ዓመት ፎቶ ከዛሬው ዕቃ ጋር ላይገጥም ይችላል። እኔ ራሴ አንዴ ለቤተሰብ ያዘዝኩት ክሬም ሲመጣ ጀርባው ከፎቶው በሦስት ስም ተለይቶ አግኝቼዋለሁ። ሻጩን ስጠይቀው «ያው ነው ወንድሜ፣ አዲሱ ነው» አለኝ። አዲሱ ሽቶ ነበረበት፤ ያዘዝኩት ደግሞ ሽቶ ለማይስማማው ሰው ነበር።

ጠርሙስ ክብ መሆኑም የራሱ ጣጣ አለው። ከፊት ለፊት ሲነሳ የመስመሩ ጫፍና ጫፍ ወደ ጎን ይጠመዘዛል። ከእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ሁለት ሦስት ፊደል ይጠፋል። «አስኮርቢክ» እና «አስኮርቢል» በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የሚለያዩት በመጨረሻ ሁለት ፊደሎቻቸው ብቻ ነው። ላውሬዝ-23 እና ላውሬዝ-4ም ቢሆኑ የሚለያዩት በቁጥሩ ነው። እኔ የሦስተኛውን ፎቶ መጀመሪያ ሳየው አስኮርቢክ አሲድ አድርጌ አንብቤው ነበር። አጉልቼ ስመለስ ነው የነቃሁት።

ስለዚህ ሻጩን ሦስት ፎቶ ጠይቁት። ጠርሙሱን ትንሽ ትንሽ እያዞረ የጀርባውን ግራ፣ መሐልና ቀኝ ያንሳ። አንዱ ፎቶ ላይ የባች ቁጥሩ፣ ማለትም የምርት ዙሩ መለያ፣ እና ኤክስፓየር ዴቱ ይግባ። የካርቶኑ ባች ቁጥር ከጠርሙሱ ጋር አንድ መሆኑንም አስተያዩ። ዕቃው እጁ ላይ ያለ ሻጭ ይህን በሁለት ደቂቃ ያደርገዋል።

ስም ሲለያይ ደግሞ አትደናገጡ። አንዱ «አኳ» ብሎ ሌላው «ዋተር» ቢል ሁለቱም ውሃ ነው። አንዱ «ፓርፈም» ብሎ ሌላው «ፍራግራንስ» ቢል ሁለቱም ሽቶ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ አጻጻፍ ነው እንጂ የፎርሙላ ልዩነት አይደለም።

«ዘዴው ከሳሙና እስከ ሰንስክሪን ለሁሉም ይሠራል»

ለአንዳንዱ ይሠራል። ቫዝሊን ጀርባው ላይ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ ፔትሮላተም። ለሽቶ አልባ ቫዝሊን ውድ መክፈል ትርጉም የለውም፤ ዋናው በደንብ የተጣራ መሆኑ ነው። ታጥቦ ለሚሄድ ሳሙናና ሻምፑም ዝርዝሩ ብዙ ርቀት ይወስዳችኋል።

ሰንስክሪን ላይ ግን እባካችሁ ተዉት። አሜሪካ ውስጥ ፀሐይ የሚከላከሉት ንጥረ ነገሮች መጠናቸው ጭምር በመቶኛ ይጻፋል። ቢሆንም አንድ ዓይነት መጠን ያለው ዚንክ ኦክሳይድ ሁለት የተለያዩ ሰንስክሪኖች ላይ የተለያየ ኤስፒኤፍ፣ ማለትም የተለያየ የፀሐይ መከላከያ መጠን፣ ይሰጣል። ቅንጣቱ እንዴት እንደተበተነና ቆዳ ላይ እንዴት እንደሚነጠፍ ይወስነዋል። ይህን ጀርባ አንብቦ ማወቅ አይቻልም፤ ተሠርቶ መለካት አለበት።

ቆዳ ያነጻሉ የሚባሉት ክሬሞች ደግሞ ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ናቸው። እዚያ አደገኛው ጀርባው ላይ ያልተጻፈው ነው። ሜርኩሪ ወይም እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ ተጨምሮ ሳይጻፍ የሚሸጥ ክሬም አለ። ሜርኩሪን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት መሠረት በኪሎ ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ሜርኩሪ ያለው ኮስሞቲክስ መመረት፣ መግባትና መውጣት ከ2020 በኋላ ሊቆም ይገባው ነበር። ዛሬም ገበያ ላይ ይገኛል። ጀርባው የሚያምር ክሬም በሳምንት ውስጥ ፊት ካበራ፣ የመጀመሪያ ጥርጣሬያችሁ እዚህ ይሁን።

ለአክስቴ ልጅ የመለስኩላት አጭር ነበር። «ሦስተኛውን ተዪው። ሁለተኛውን እህትሽ ትላክልሽ፤ ግን የምትገዛው ብዙ ከሚሸጥ ቦታ ይሁን፣ ትኩስ እንዲሆን። ሲደርስ ጥጥ ላይ ጠብ አድርገሽ ቀለሙን እይው፣ ወረቀቱን እኔ አመጣልሻለሁ። ከዚያ ፍሪጅ በር ላይ አስቀምጪው።»

እሷ ግን ልቧ አልቆረጠም። የሦስተኛውን ሻጭ የጠርሙሱን ግራና ቀኝ፣ ከነባች ቁጥሩ፣ እንዲያነሳላት ጠየቀችው። «ውዴ ኦሪጅናል ነው፣ አታስቢ» ብሎ መለሰላት። በድጋሚ ጠየቀችው። ሁለቷ ምልክት መጣች፤ አይቶታል። ማታ ገብታ ስታየው ፖስቱ ተነስቷል።